ጓደኞቼ ስለ አሞራ ገደሉ ፎቶ ያሉኝ

ዛሬ ማታ ስለ አንድ ፎቶ ብቻ ልጽፍ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ጠዋት ላይ ያነሳሁት ነው። አንድ ወጣት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሮሶ ይበልታል። ከኋላው ሁለት አባ ኮዳዎች ትርፍራፊ እየጠበቁ ቆመዋል። እሱ ስለተቀመጠ ወፎቹ ከላዩ ሆነው ቁልቁል ያዩታል። ፎቶውን የወደድኩት ለዚህ ነው። ቢላዋውን ይዞ ያቀረቀረው ልጅና እጁን የሚጠብቁት ወፎች አንድ ላይ ታሪክ አላቸው።

ችግሩ እኔ እዚያ ነበርኩ። ፎቶውን ባየሁት ቁጥር የዓሣው ሽታም፣ የሻጮቹ ጩኸትም አብሮ ይመጣልኛል። ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ለሚያየው ሰው ግን ያለው ፎቶው ብቻ ነው። እኔ በትዝታዬ የምሞላውን ጉድለት እሱ በምንም አይሞላውም። ስለዚህ ለጓደኞቼ ላክሁላቸው።

"እንዴት ነው?" ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ የታወቀ ነው፤ "ያምራል፣ እጅሽ ይባረክ" ነው። ፊት ለፊት "አልወደድኩትም" ማለት ለእኛ ሰው ከባድ ነው፤ ይሉኝታው አያስችለውም። የጠየቅኳቸው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ዓይንሽ የት አረፈ? ሰውየው ምን እያደረገ ነው? እነዚህን ለመመለስ ማንም እኔን ማመስገንም ማስቀየምም የለበትም። ያየውን ይናገራል፣ በቃ። ደግሞ ለየብቻ ነው የላክሁላቸው። በግሩፕ ቢሆን የመጀመሪያው የተናገረውን ሌሎቹ ይከተሉታል።

መልሶቹ እንዲህ መጡ። ባንክ የምትሠራው አብሮ አደጌ "ዓይኔ ቢጫው ጄሪካን ላይ አረፈ። ልጁ ዕቃ የሚያጥብ መሰለኝ" አለችኝ። የሠርግ ፎቶ የሚያነሳው ጓደኛችን "ሰውየው አልወጣም። ወፎቹን በደንብ አደብዝዢያቸው" አለ። አስተማሪው "ወፎቹ በዙ፤ አንዱን ቁረጪው" አለኝ። ጎረቤቴ "ጨልሟል እኮ፣ ፊቱ አይታይም" አለች። አንዷ ደግሞ "እኔ አባ ኮዳ ሳይ ይዘገንነኛል" ብላ ዘጋችው።

የመጨረሻውን ወዲያው ተውኩት። እውነቷን ነው፣ ግን የተናገረችው ስለ ወፉ እንጂ ስለ ፎቶው አይደለም። አባ ኮዳ የማይወድ ሰው በየትኛውም ፎቶ ላይ አይወደውም።

የቀሩትን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ላይ ላዩን ሲታዩ አራት የተለያዩ ትችቶች ናቸው። መፍትሔዎቹም አይገናኙም፤ አንዱ አደብዝዢ ይላል፣ አንዱ ቁረጪ ይላል። መፍትሔዎቹን ትቼ ቅሬታቸውን ብቻ ሳስተያየው ግን ሦስቱ አንድ ነገር ነው የሚሉት። ልጁንና እጁን አላገኟቸውም። ሰው ፎቶ ላይ አንድ ነገር ሲረብሸው መረበሹን በትክክል ያውቃል። የረበሸውን ነገር ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ነገር ያሳብባል። እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ፣ ያ ቦታ መታየት አለበት።

ምክንያቱን ለማግኘት ፎቶውን ጥፍር እስኪያክል ድረስ አሳነስኩት። ይህን ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። ዝርዝሩ ሲጠፋ የሚቀረው ደማቁ ነገር ነው። ልጁ ጠፋ፣ ወፎቹ ጥቁር ጥላ ሆኑ፤ ግራ ጥግ ላይ ያለው ቢጫ ጄሪካን ግን እንደ መብራት በራ። ዓይን ወደ ብሩህና ወደ ደማቅ ቀለም ይሮጣል። ጄሪካኑ ደግሞ ጫፉ ላይ ስለሆነ ዓይንን ይዞ ከፎቶው ያስወጣዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የወፎቹ አልነበረም። የአብሮ አደጌን መልስ ከሁሉም በላይ ያከበርኩት ለዚህ ነው። ስለ ፎቶግራፍ ምንም አታውቅም፤ ያየችውን ብቻ ነው የነገረችኝ።

ጄሪካኑን ቆርጬ ለማውጣት ሞከርኩ። ከሱ ጋር የግራው ወፍ መንቆር ተቆረጠ፤ ስለዚህ መለስኩት። ቀጥሎ ፎቶ በማስተካክልበት ላይትሩም ላይ ቢጫውን በሙሉ ቀነስኩ። አሁን ደግሞ የልጁ ቆዳ አመድማ ሆነ፤ የእኛ ቆዳ ውስጥ ቢጫና ብርቱካናማ አለ፣ አንዱን ስትነኪ ሌላውም ይነካል። በመጨረሻ ጄሪካኑን ብቻ በብሩሽ መርጬ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ ያህል አወረድኩ፣ የቀለሙንም ድምቀት በመጠኑ። ከዚያ በላይ ሳወርደው ግራጫ እድፍ መሰለ። ጄሪካን መሆኑ መታወቅ አለበት፤ መጮህ ብቻ ነው ማቆም ያለበት።

"ጨልሟል" የሚለው ትችት ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ የት ሆና እንዳየችው ጠየቅኳት። ባጃጅ ውስጥ፣ ፀሐይ ስልኳ ላይ እየወደቀ። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ፎቶ ይጨልማል። ቤት ገብታ፣ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጋ እንድታየው ለመንኳት። "ሌላው ደህና ነው፤ ፊቱ ግን አሁንም" አለች። እንግዲህ ግማሹ የስልኳ ነበር፣ ግማሹ የፎቶው ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ፊትሽን ወደ ውሃው ካደረግሽ ፀሐይ ከጀርባሽ ትሆናለች። እኔ ግን ውሃውን ከኋላዬ አድርጌ ወደ ገበያው ነበር የዞርኩት፤ ፀሐይዋ ከልጁ ኋላ ሆነች። ካሜራው ብሩሁን ሰማይ ጨምሮ ሲለካ ፊቱ ጥላ ውስጥ ቀረ። የፎቶውን ጨለማና ብርሃን በግራፍ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ሳየው ጥቁሩ ከግራው ግድግዳ ጋር አልተጣበቀም። ስለዚህ ፊቱ ውስጥ ዝርዝር አለ ማለት ነው፣ ማውጣት ይቻላል። ፊቱንና እጁን ብቻ ትንሽ አበራኋቸው። ሲበዛ ጥላው ውስጥ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ጠዋትነቱም ይጠፋል።

የሠርግ ፎቶ አንሺው ምክር ብዙ አሳስቦኛል፤ ከሁላችንም በላይ ሙያውን የሚያውቀው እሱ ነው። ለሙሽራ ልክ ነው፤ ከኋላዋ ያለው ዛፍም ሰውም መጥፋት አለበት። እኔ ግን የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ላይ አጥብቤ ያነሳሁት ወፎቹ ወፍ መሆናቸው እንዲታወቅ ብዬ ነው። እነሱ ከደበዘዙ የሚቀረኝ ዓሣ የሚበልት ሰው ብቻ ነው። ቅሬታውን ተቀበልኩ፣ መድኃኒቱን ተውኩ። ደውዬም ይህንኑ ነገርኩት። "እንዲህ ከሆነ ሐሳብሽ፣ ልክ ነሽ" አለኝ።

የተስተካከለውን ፎቶ ለነዚያው ጓደኞቼ መልሼ አልላክሁም። የራሳቸውን አስተያየት ፈልገው ያገኙታል። መጀመሪያውን ላላዩ ሰዎች ላክሁና ያንኑ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኳቸው። "እጁ ላይ" አለኝ አንዱ፤ "ዓሣ እየበለተ ነው" አለችኝ ሌላዋ። አንዱ መጀመሪያ ወፎቹን ነው ያየው። እሱ ምንም አይደለም፤ ከወፎቹ ዓይኑ ወደ ቢላዋው ወርዷል። ጄሪካኑን ያነሳ የለም።

አንድ አዲስ ትችት ግን መጣ። የዳሱ ምሰሶ ከልጁ ጭንቅላት ላይ የበቀለ ይመስላል። እውነት ነው፣ አሁን ሳየው ሌላ ነገር አይታየኝም። ይህን በኮምፒውተር ማጥፋት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን እዚያ የነበረውን ነገር ከፎቶ ማውጣት አልፈልግም። ጄሪካኑንም ያፈዘዝኩት እንጂ ያጠፋሁት አይደለም። ምሰሶው የሚስተካከለው በቦታው ላይ፣ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ፈቀቅ በማለት ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ። ፎቶውን ከማንሳቴ በፊት ከሰውየው ራስ ጀርባ ምን እንዳለ አያለሁ፤ ብርሃኑንም ለፊቱ ብዬ አንድ ስቶፕ ከፍ አደርገዋለሁ።