ልጄን ካርቱን ላስደርግ ብዬ

ልጄ 5 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ሲቀር የልደት መጥሪያ ካርድ ልሠራላት ተነሳሁ። ሰዉ ሁሉ የቤተሰቡን ፎቶ ካርቱን እያስደረገ የሚለጥፍበት ሰሞን ነበር። እኔም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶን ካርቱን የሚያደርግ አንድ ነፃ ድረ ገጽ አገኘሁና ከአያቷ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ጫንኩ። ካርቱኑ አምሮ ወጣ። ለእናቴ አሳየኋት።

«ያምራል። ግን ፎቶዬን ለማን ነው የሰጠሽው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ተመልሼ ገባሁ። ድረ ገጹ የተጠቃሚዎች ሥራ የሚደረደርበት ጋለሪ አለው። ወደ ታች ስወርድ ካርቱናችን ከዋናው ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። «ለሁሉም ይታይ» የሚለው ምርጫ ከመጀመሪያውም በርቶ ኖሯል።

ፎቶውን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ልጄ ዩኒፎርም ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ የትምህርት ቤቷ ስም ይነበባል። ፋይሉንስ ብዬ፣ ፎቶ ውስጥ የተደበቀ መረጃ በሚያሳየው exiftool በተባለ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ፈተሽኩት፦

```
exiftool -gps:all foto.jpg
```

ስልኬ ያነሳሁበትን ቦታ መዝግቦታል። ቁጥሩን ካርታ ላይ ሳስገባ የግቢያችን በር ላይ አረፈ።

ከጋለሪው ሰረዝኩት። ከሰርቨራቸው መጥፋቱን ግን በምን አውቃለሁ? ደንባቸው ደግሞ የተጫነ ምስል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ለማሰልጠን ሊውል ይችላል ይላል። ከሰለጠነ ሞዴል ውስጥ አንድ ፎቶ ነጥሎ ማውጣት ሊጥ ውስጥ የገባን ጨው እንደ መልቀም ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ መረጃውን ማጥፋት ነበር፦

```
exiftool -all= foto.jpg
```

ይሠራል፤ ግን ዋናውን ፎቶ ከነመረጃው foto.jpg_original ብሎ እዚያው ያስቀምጠዋል። በስህተት ያንን መላክ ቀላል ነው። በቴሌግራምም ቢሆን በፎቶ መልክ ስትልኩት የቦታው መረጃ ይቀራል፤ በፋይል መልክ ከላካችሁት አብሮ ይሄዳል። ደግሞስ ይህ ሁሉ ቦታውን እንጂ ፊቷን አይደብቅም። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት ግን አይቀየርም።

ስለዚህ ካርዱን ያለ ፎቶ ሠራሁት። «ሹሩባ የተሠራች፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ትንሽ ልጅ፣ ፊኛ ይዛ» ብዬ ምስል የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በጽሑፍ ብቻ አዘዝኩ። ስሟንም ትምህርት ቤቷንም አልጻፍኩም። ስሙንና ቀኑን በኋላ ስልኬ ላይ ጨመርኩ። ልጄ ግን አየችና «ይቺ እኔ አይደለሁም» ብላ ገፋችው። እውነቷን ነው። የዚህ መንገድ ጉድለት ይኸው ነው፤ ሰውየውን አይመስልም።

መምሰል ላለበት ሌላ መንገድ ያዝኩ። ክሪታ የሚባል ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ፎቶውን ከታች አነጠፍኩ፣ ከላዩ ባዶ ሌየር ከፈትኩ፣ መስመሩን እየተከተልኩ ሣልኩ። ሲያልቅ የፎቶውን ሌየር ደብቄ ሥዕሉን ብቻ በምስል አወጣሁ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ የልጄ አፍንጫም ትንሽ ጠመም ብሏል። ኢንተርኔት ግን አላስፈለገኝም፤ ፎቶውም ከቤት አልወጣም።

እናቴን በዚህኛው ፈቃዷን ጠየቅኋት። ፈቀደች፤ ነጠላዋ ጥለቱ ጠፍቷል ብላ ግን እንደገና አሣለችኝ።