ጥር 23 የሚያልፍ መድኃኒት

የጥቅምት ብርድ ገብቷል። ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ምንም አላለኝም። እንዲህ ሲያደርገኝ ወሬ አልወድም። እጄን የሚይዝ ሥራ ነው የምፈልገው። ኃላፊያችን "የጤና ጣቢያችን መድኃኒት ማደያ ያለው ሁሉ ባንድ ሰንጠረዥ ይግባልኝ፤ ባች ቁጥሩ፣ የሚያልፍበት ቀን፣ ስንት ሲቀር እንደሚታዘዝ" ካለችኝ ሰንብታለች። የየመድኃኒቱ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብባቸው የቢን ካርዶች ፎቶ ስልኬ ላይ ስላለ ላፕቶፑን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ካርዱን እንዳለ ገልብጦ ሰንጠረዥ ማድረግ አይቻልም። ቢን ካርድ ላይ ባች ቁጥር፣ ማለትም ባንድ ዙር የተመረተው መድኃኒት መለያ፣ እና የሚያልፍበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለ። ቀሪው የሚጻፍበት ግን አንድ ብቻ ነው። ሁለት ባች ገብቶ ከሆነ ቀሪው የሁለቱ ድምር ነው። የአሞክሳሲሊን 500 ካርድ "175 ፓኬት" ይላል። ከየትኛው ባች ስንት ቀረ? ካርዱ ይህን አይነግርም። ትናንት አብሮኝ ከሚሠራው ልጅ ጋር መደርደሪያውን ፓኬት በፓኬት የቆጠርነው ለዚህ ነው።

መቁጠር ስል ካርቶን ማየት ብቻ አይደለም። ተከፍቶ የተጀመረ ፓኬት ውስጥ እንክብል የታሸገበት የሌላ ባች ስትሪፕ ገብቶ ሊገኝ ይችላል። ስትሪፑ ላይ ቁጥሩ በቀለም አልተጻፈም፤ ጫፉ ላይ ተጭኖ የወጣ ነው። ፊት ለፊት ብታዩት አይታይም። የስልክ መብራት ከጎን ሲያርፍበት ነው ፊደሉ ብቅ የሚለው። ልጁ መብራቱን ይዞ እኔ አነብ ነበር። ስንጨርስ 130 ፓኬት ከአንዱ ባች፣ 45 ፓኬት ከሌላው ሆነ። ድምሩ ከካርዱ ጋር ገጠመ፤ ደስ አለን።

130ው የባች ቁጥሩ 24E06 ነው። ይህን ኤክሴል ላይ ዝም ብላችሁ ብትጽፉት 2.40E+07 ሆኖ ቁጭ ይላል። E ያለበትን ቁጥር የሳይንስ አጻጻፍ አድርጎ ያነበዋል። በዜሮ የሚጀምር ባች ቁጥር ከሆነ ደግሞ ዜሮውን ይበላዋል። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ዓምዱን Text ማድረግ ነው፤ ከጻፉ በኋላ ቢቀይሩት የጠፋው አይመለስም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ባች ከገበያ ይሰብሰብ የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ የምንፈልገው በዚህ ቁጥር ነው። ሰንጠረዡ 2.40E+07 ካለ መድኃኒቱ መደርደሪያችን ላይ እያለ "የለንም" ብለን እንመልሳለን።

ቀጥሎ የማዘዣው መጠን። ሁሉንም ባንድ ሰንጠረዥ ስትል ኃላፊያችን ያሰበችው ባንድ ገጽ ነው። ግን ባች ቁጥርና የሚያልፍበት ቀን የባቹ ናቸው። ማዘዣው የመድኃኒቱ ነው። ለእያንዳንዱ ባች አንድ ረድፍ ሰጥቼ ከጎኑ "80 ሲደርስ እዘዝ" ብል፣ 45 ፓኬት ያለበት ረድፍ ቀይ ይሆናል። ሰው ያንን አይቶ ያዝዛል። መደርደሪያው ላይ ግን 175 አለ። ስለዚህ ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ገጽ የባች ነው፤ ሌላው የመድኃኒት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እየደመረ ያመጣል፤ ቀኑ ያለፈበትንም አይቆጥርም።

```
=SUMIFS(Batch!E:E,Batch!A:A,A2,Batch!D:D,">="&TODAY())
```

80 ከየት መጣ? እኛ ጤና ጣቢያ በሁለት ወር አንዴ ነው የምንጠይቀው። ዝቅተኛው ክምችት የሁለት ወር፣ ከፍተኛው የአራት ወር ፍጆታ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ስመለከት ነሐሴ 42፣ መስከረም 18፣ ጥቅምት 42 ወጥቷል። ለሦስት ሲካፈል 34። የመስከረሙ 18 ግን ሰው ቀንሶ አይደለም፤ ግማሹን ወር አሞክሳሲሊን አልነበረንም። በ15 ቀን 18 ከወጣ በወር 36 ነው። እንደዚያ ሲሰላ አማካዩ 40 ይሆናል፤ የሁለት ወሩ ደግሞ 80። በ34 ብሄድ 68 እስኪደርስ እጠብቃለሁ፤ ያለቀብን መድኃኒት ደግሞ መልሶ ያልቅብናል። መደርደሪያው ባዶ በሆነበት ቀን የመጣ ሕመምተኛ በቁጥሩ ውስጥ የለም። መጥቶ ግን ነበር፤ "የለም" ብለን የመለስነው እኛ ነን።

እስከዚህ በጄ እየሄደ ነበር። የሚያልፍበት ቀን ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ካርዱ ላይ በ130ው ፓኬት መስመር "ጥር 2018" የሚል የእጅ ጽሑፍ አለ። ይህ ባች መስከረም አጋማሽ ላይ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ በትራንስፈር የመጣ ነው። እዚያ ያለ አንድ ትጉህ ሰው ሌላው እንዳይደናገር ብሎ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶታል። ካርቶኑ ላይ ያለው EXP 01/2026 ነው። ጃንዋሪ ጥር ነው፣ 2026 ደግሞ 2018 ነው። ልክ ይመስላል።

ዓመቱ በእርግጥ አያሳስብም። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ሰባት ስምንት ዓመት ነው። የመድኃኒት ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት ነው። ስለዚህ 2018 የሚል ካየሁ የእኛ ነው፣ 2026 የሚል ካየሁ የፈረንጅ ነው። አያምታታም። የሚያምታታው ወሩ ነው።

ካርቶን ላይ ወርና ዓመት ብቻ ሲጻፍ መድኃኒቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ያገለግላል ማለት ነው። ጃንዋሪ 31 ማለት ነው። ጃንዋሪ 31 በእኛ ጥር 23 ነው። "ጥር 2018" የሚለውን ካርድ የሚያነብ ሰው ግን ጥር ገና ሰባት ቀን ይቀረዋል ብሎ እስከ 30 ያድላል። አንዱም ወር ከአንዱም ጋር አይገጥምም። የፈረንጆቹ ወር ማለቂያ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ከ20 አካባቢ እስከ 25 ባለው ነው የሚውለው። ስለዚህ ወርን በወር የመለሰ ሰው ሁሉ ለመድኃኒቱ አንድ ሳምንት ገደማ ዕድሜ ጨምሮለታል።

ሰባት ቀን ምንድን ነው? በወር 40 ፓኬት የሚወጣ ከሆነ በሰባት ቀን ከ9 ፓኬት በላይ ነው። ፓኬቱ 100 እንክብል አለው። በቀን ሦስቴ ለሰባት ቀን የሚወስድ ሰው 21 ይፈልጋል። ከ40 በላይ ሰው ማለት ነው። ሁሉም በትጋት በተሞላ ካርድ የተነሳ።

ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ የሚገባው ካርቶኑ ላይ ያለው ነው፤ የወሩ የመጨረሻ ቀን ሆኖ።

```
=EOMONTH(DATE(2026,1,1),0)
```

01/26 ብሎ መጻፍም አይሆንም፤ ኤክሴል የያዝነው የፈረንጅ ዓመት ጃንዋሪ 26 ያደርገዋል። ከጎኑ ሌላ ዓምድ ከፈትኩና በእጄ "ጥር 23 ቀን 2018" ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ሳይቆርጡ ወሩን ብቻ መጻፍ ከዛሬ ጀምሮ በእኛ ማደያ የለም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ጥር 23 መድኃኒቱ የሚያልፍበት ቀን ነው እንጂ የምናድልበት የመጨረሻ ቀን አይደለም። ጥር 22 የወሰደ ሰው ሲጨርስ ጥር 28 ይሆናል። የሰባት ቀን መድኃኒት ከሆነ በራችንን ጥር 17 ማታ መዝጋት አለብን። ከኅዳር 1 እስከ ጥር 17 ድረስ 77 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የሚወጣው 100 ፓኬት ገደማ ነው። ከ130ው ወደ 30 ይተርፋል። ይህም የ45ቱን ካርቶን ከኋላ አድርገን አስቀድሞ የሚያልፈውን አስቀድመን ካወጣን ነው። ካርዱ "175 አለህ፣ ከአራት ወር በላይ ይበቃሃል" ይላል። የሚበቃን ግን 145ቱ ብቻ ነው። 30ውን አሁኑኑ ሌላ ጤና ጣቢያ ይፈልገው እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ። ጥር ላይ ብጠይቅ የሚቀበለኝ የለም።

ሰንጠረዡ ይሄን ያህል ከነገረኝ አልከፋም። ግን አሁን እያሰብኩ ያለሁት ሰንጠረዡን አይደለም። አንዲት እናት ናቸው የመጡብኝ።

ባለፈው በመስኮቱ መጥተው ከቤት ያመጡትን ፓራሲታሞል አሳዩኝ። "ልጄ፣ ይሄ ገና ስምንት ዓመት አለው አይደል?" አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ቁጥሩን አንብቦላቸዋል፤ 2026 ይላል። አሁን ደግሞ 2018 ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው። "አይ እማማ፣ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ዘንድሮ ያልፋል" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። "ታዲያ ለማን ነው የጻፉት?" አሉ።

እሳቸው እድለኛ ናቸው፤ ቀን ያለበት ሙሉ ስትሪፕ ነበራቸው። እኛ ቆርጠን ስንሰጥ ቀኑ ያለበት ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ፓኬቱ ውስጥ ነው። ቀኑ ያለበትን ጫፍ መጨረሻ ድረስ እንዳንቆርጥ ለልጁ ነግሬዋለሁ። ያ እኛን ይጠቅማል፤ ቤት የወሰደውን ሰው ግን አይጠቅምም። መድኃኒቱን የምንሰጥበት ፖስታ ላይ "በቀን ስንቴ" ብለን እንጽፋለን እንጂ እስከ መቼ ብለን አንጽፍም።

አሁን የእኛ አቆጣጠር የተጻፈበት ዓምድ አለኝ። ከዚያ እያየን ፖስታው ላይ "እስከ ጥር 23" ብለን ብንጽፍስ? ወረፋው በሚበዛበት ጠዋት ማን ይጽፈዋል? ደግሞስ አሞክሳሲሊን ላይ ቀን ብጽፍ "እስከዚያ አስቀምጡት" ማለቴ አይመስልም ወይ? እሱ እኮ ተጀምሮ የሚጨረስ እንጂ ቤት የሚቀመጥ አይደለም። ለፓራሲታሞል ጽፌ ለአሞክሳሲሊን ብተውስ? ያኔ ደግሞ ቀን ያልተጻፈበትን ሰው እንዴት ይረዳዋል፤ የማያልፍ አድርጎ ይወስደው ይሆን?