ብጠብቀው እንኳ…

ዛሬ ደብሮኛል። ይሄ ነው የሚባል ምክንያት የለውም። ዝናቡ ጠዋት ትንሽ ጀምሮ ተወው፣ ሰማዩ ግን አልጠራም፤ ልብሱን ላስጣው ወይስ ልተወው እያልኩ መስኮቱ ጋ ስቆም ቡናዬ ቀዘቀዘ። የተቀመጥኩት ስለ ቤት ኪራዩ ልጽፍ ነበር። እሱ ጉዳይ አሁንም አልተፈታም። ግን ይሄ ሊዘንብ ነው ሊዘንብ ነው እያለ የማይዘንብ ሰማይ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ፕሪ ኮረስ፣ ከቨርሱ ወደ አዝማቹ፣ ወደ ኮረሱ የሚያሻግረውን የዘፈን ክፍል፣ አስታወሰኝና፣ ኪራዩ ይቆይ።

ለዘፋኛችን አንድ ዘፈን እየሠራንላት ነው። በትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው፣ አምስት ኖታ ብቻ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ምቱ ችክችካ፣ በደቂቃ 100 አካባቢ። ቨርሱ ጥሩ ነው፣ ከዶ እስከ ሶል ባለችው ጠባብ ቦታ ውስጥ ቀስ እያለ ይሄዳል። ኮረሱም ጥሩ ነው፣ ላይኛው ሚ ላይ ተነስቶ ይጀምራል፣ እሷ ደግሞ እዚያች ሚ ላይ ስትሆን ድምጿ ይከፈታል። ችግሩ መሀሉ ነው። ከቨርሱ በቀጥታ ኮረሱ ውስጥ ስንገባ ኮረሱ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል። ቆንጆ ነው፣ ግን ማንም አልጠበቀውም። ያልተጠበቀ ኮረስ ደግሞ ጮክ ያለ ቨርስ ነው።

ስለዚህ ስምንት ባር አስገባን፣ አንዱ ባር ሁለት ምት ነው። በዚህ ፍጥነት ስምንት ባር አስር ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ያንን አስር ሰከንድ ነው እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅበት የከረምነው።

ዜማው ቀላል ነው። አንዲት አጭር ሐረግ አለች፣ በየሁለት ባሩ ትደገማለች፣ በተደገመች ቁጥር ጫፏ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ጫፏ ላ ነው፣ ከሥሯ የሚመታው ኮርድ ላ ማይነር። ቀጥሎ ዶ፣ ከሥሯ አሁንም ላ ማይነር። ቀጥሎ ሬ፣ ከሥሯ ሬና ላ ብቻ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባሮች ላይ ግን አትወጣም። እዚያው ሬ ላይ ትቆማለች፣ ትያዛለች። ጆሮ ሁለቴ ሦስቴ ስትወጣ ስለሰማት አንድ ደረጃ ይቀራታል ብሎ ይጠብቃል፣ የቀረችው ደረጃ ደግሞ የኮረሱ የመጀመሪያ ኖታ ናት፣ ሚ። ለዚህ ነው ሚን ከኮረሱ በፊት እዚያ ከፍታ ላይ አንድም ቦታ እንዳትነካ የምለው።

እሷ ግን ትነካታለች! ሬን ይዛ እያለች ያቺን እርግብግቢቷን ትለቃለች፣ ሬ-ሚ-ሬ-ሚ-ሬ፣ እንዴት እንደምታምር አትጠይቁኝ። በሌላ ዘፈን ብትሆን አጨበጭብላት ነበር። እዚህ ላይ ግን የኮረሱን በር ቀድማ ከፈተችው ማለት ነው። "ካማርሽ ወደ ታች አንቀጥቅጪው፣ ከሬ ወደ ዶ" አልኳት። ሞከረችው። ኮረሱ ሲገባ ራሷ "እህ!" አለች። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም፣ ይሄ ለእሷ ብርቅ ነው።

ቀጥሎ የተያዘው ኮርድ። እዚህ ላይ ነው ከኪቦርዲስታችን ጋር የተያያዝነው። እሱ እዚያ ቦታ ሶል ሜጀር ይመታል፣ ሶል ሲ ሬ። ትምህርት ቤት የተማረው እንደዚያ ነው፣ ሲ ወደ ዶ መግባት ስለምትፈልግ ውጥረቱ ከእሷ ይመጣል። ልክ ነው፣ ግን ትዝታ ውስጥ ሲ የለችም። ቨርሱን በሙሉ ያለ ሲ የቆየ ጆሮ ድንገት ሲ ሲሰማ ውጥረት አይሰማውም፣ እንግዳ ነው የሚሰማው። ዘፈኑ ለሁለት ባር ሌላ አገር ሄዶ ይመለሳል። ክራር የሚመታልንን ልጅ ጠይቁት፣ በትዝታ የተቃኘ ክራሩ ላይ ሲ የሚባል ክር የለውም፣ ስለዚህ ኪቦርዱ ሲን ሲመታ እሱ እጁን አንስቶ ያየናል።

እና ሲን አወጣናትና በቦታዋ ዶን አስገባን። ሶል ዶ ሬ። ሳስ ፎር የሚሉት ኮርድ ነው። አስተውሉ፣ ሦስቱም ኖታ ትዝታ ውስጥ አሉ። ክራሩም ይመታዋል፣ ማንም እንግዳ አልመጣም፣ ውጥረቱ ግን አለ፣ ምክንያቱም ዶና ሬ ጎረቤት ናቸው፣ አብረው ሲያዙ ይፋተጋሉ። ይሄ ኮርድ ደስተኛም አይደለም አዘንተኛም አይደለም፤ ያንን የምትወስነው ሲ ነበረች፣ እሷን ደግሞ አውጥተናታል። ኪቦርዲስቱን ዶና ሬን አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ያዛቸው አልኩት። አራርቆ ሲይዛቸው ፍትጊያው ይጠፋል፣ ኮርዱ ሰፊና ሰላማዊ ይሆናል፣ የአውሮፕላን ማስታወቂያ ነገር።

እሺ አለና ያዛቸው። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ መጨረሻው ባር ላይ፣ ኮረሱ ሊገባ አንድ ምት ሲቀረው፣ ጣቱ ብቻዋን ከዶ ወደ ሲ ወረደች። ደግሜ አስመታሁት፣ ደግሞ ወረደች። አይፈረድበትም፣ ሳስ ኮርድ ሲጠና ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጠናው፣ የተንጠለጠለችው ኖታ ወርዳ ታርፋለች፣ ከዚያ ወደ ቤት ይገባል። ግን እሷ ስታርፍ ሰሚውም አብሮ ያርፋል፣ ኮረሱ ከመግባቱ በፊት! ከዚያ ኮረሱ ሲመጣ የሚፈታለት ነገር የለም። እኛ የምንፈልገው ዶ ሳትንቀሳቀስ እንድትቆይ ነው። ኮረሱ ሲገባ ዶ እዚያው ናት፣ ከላይ ሬ ወደ ሚ ትወጣለች፣ ከታች ቤዙ ከሶል ወደ ዶ ይሄዳል፣ እና ሁለት ባር ሙሉ ስትፋተግ የነበረችው ያቺው ዶ በአንድ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ትሆናለች። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። ጣቷ ንቅንቅ ሳትል ትርጉሟ ተቀየረ።

ቤዙም እዚያው ሶል ላይ መቆም አለበት። ቤዝ መቺ ደግሞ ባዶ ቦታ ካየ አይችልም፣ ወደ ዶ የሚወስድ መሰላል ይሠራል። ይቅር። ከበሮውም የመጨረሻው ባር ላይ ኪኩን፣ ወፍራሙን የእግር ምት፣ ያወጣል፣ ጭብጨባው ብቻ ይቀራል። መጀመሪያ ኮርዱን አራት ባር ይዘነው ነበር፣ ወደ አምስት ሰከንድ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ባር ላይ ውጥረቱ ሞቶ ነበር። ጆሮ ሲለምደው ያው ሳስ ኮርድ ማረፊያ ይሆንለታል። ሁለት ባር በቂ ነው።

እየሠራ መሆኑን የማውቀው እንዲህ ነው። ኮረሱ ሊገባ ሲል ጥርቅም አድርጌ አጠፋዋለሁ። አብሮኝ የሚሰማው ሰው ዝም ካለ አልሠራም። "ምነው?" ካለ ሠርቷል። የታናሽ እህቴ ልጅ ደግሞ ሚን ራሷ አዚማ ጨረሰችው፣ ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ።

አሁን ግጥሙ። ይሄን ለብቻው ብጽፈው ይሻል ነበር፣ ግን ከጀመርኩ አይቀር። ዜማውና ኮርዱ አንጠልጥለው ሲያበቁ ግጥሙ ይዘጋዋል። ገጣሚያችን መጀመሪያ ያመጣው የፕሪ ኮረሱ መጨረሻ "ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት" ይል ነበር። ጠበቅኩት፣ አለቀ። ነጥብ። ሙዚቃው "ከዚያስ?" ሲል ግጥሙ "በቃ" ይላል። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቋንቋ ነው፣ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እስከፈለግክበት ድረስ ልትደብቀው ትችላለህ። "ብ" እያልክ፣ "ስ" እያልክ፣ "ሳል" እያልክ መንገድ መሄድ ነው። እና እንዲህ ሆነ፦

በሩን ክፍት ብተው
መብራቱን ባላጠፋ
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ
ብጠብቀው እንኳ…

አራቱም አልተዘጉም። "እንኳ" ደግሞ አፍ ተከፍቶ ነው የሚያልቀው፣ ረጅም ኖታ ላይ ያንን ነው የምትፈልገው። "ጠበቅኩት" ብላ ት ላይ ሁለት ባር ልትቆም አትችልም፣ ወይ ት ን መጨረሻ ድረስ ታዘገያታለች፣ ወይ "ጠበቅኩ-ኡ-ኡ-ት" ይሆናል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ኡ ጉሮሮ ያጠብባታል። "እንኳ-አ-አ" ብላ ሬ ላይ ቆማ፣ ከበሮው ወጥቶ፣ ሶል ዶ ሬ እየተፋተገ፣ ከዚያ ሚ ላይ ኮረሱ፣ "አይመጣም!"። ግሱ፣ ኖታውና ኮርዱ ሦስቱም አንድ ላይ አረፉ። የመጀመሪያ ቀን ስንሰማው ኪቦርዲስቱ ራሱ ከወንበሩ ተነሳ። ጣቱን ከዶ አላነሳም ግን፣ ይመዝገብለት።

ያልጨረስነው ሦስተኛው ዙር ነው። ፕሪ ኮረሱ ሁለቴ ከመጣ በኋላ ሰሚው መልሱን ያውቀዋል። "እንኳ" ስትል "አይመጣም" ብሎ ቀድሟት ይጨርሳል፣ ውጥረት የሚባል ነገር የለም። ወይ እንዘለው፣ ወይ ከተያዘው ኮርድ በኋላ አንድ ባር ጭጭ እናድርግና ያኔ ይግባ፣ ወይ ደግሞ ዘፈኑ እዚያው ሳስ ላይ ተንጠልጥሎ ይለቅ። ሦስተኛውን እኔ ነኝ የምወደው። እሷ "ሰው ሲዲው ተቧጨረ ይላል" አለችኝ። አሁን ማን ሲዲ ይሰማል ብዬ ተከራከርኩ እንጂ መልስ የለኝም።

ማታ ለእማዬ አሰማኋት። ሳስ ኮርዱን አልነገርኳትም፣ ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። "እንኳ" ላይ እጇ አየር ላይ ቆመ፣ ኮረሱ ላይ ራሷን ነቀነቀች። ሊያስጨፍረኝ ነበር። ከዚያ ዘፈኑ ሲያልቅ ዞር ብላ፣

"እሺ፣ ለምንድነው የማይመጣው?" አለችኝ።

ሁለተኛው ቨርስ ላይ ይነገራል አልኳት። ሁለተኛው ቨርስ ገና አልተጻፈም። ለገጣሚው ደወልኩለት፣ እሱም አያውቅም።