ስድስተኛው ግሥ

ሦስት ሳምንት ሆነው። አሁንም ሌሊት ስነቃ ስልኬን አንስቼ ያችን መልእክት አነባታለሁ። ሌላ ሰው የጻፋት ትሆን እንደሆነ ብዬ። አይደለም፣ እኔው ነኝ የጻፍኳት።

እነሆ፦ «ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር፣ እንዴት አረፈዱ? የጠየቁኝን የወሩን ሪፖርት ልኬልዎታለሁ። ሲመችዎ ይመልከቱልኝ። የሚስተካከል ነገር ካለ ንገረኝ።»

አያችኋት አይደል? አረፈዱ፣ የጠየቁኝን፣ ልኬልዎታለሁ፣ ሲመችዎ፣ ይመልከቱልኝ። አምስቱን ግሥ በደህና ተሻግሬ ስድስተኛው ላይ ተንከባለልኩ። «ንገረኝ።» ለአለቃዬ። እንደ ሰፈር ጓደኛ።

አለቃዬ በዕድሜ በዘጠኝ ዓመት ያንሰኛል። እሱ አንተ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። አልከፋኝም (ትንሽ ከፍቶኛል)። ሻይ ቤት ስንሰበሰብ ደግሞ ስሙ «ልጁ» ነው። «ልጁ ዛሬ አልገባም እንዴ?» እንባባላለን። ልጁ በበሩ ብቅ ሲል ሁላችንም ብድግ ብለን «እንዴት አደሩ» ነው። ስለዚህ «ንገረኝ» ከሰማይ አልወረደችም። ከሻይ ቤት ነው የመጣችው።

የአጻጻፌም ችግር አለበት። ሐሳብ በእርስዎ አይመጣልኝም። መጀመሪያ መልእክቱን በአንተ እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ ከላይ ጀምሬ ግሦቹን አንድ በአንድ አንቱ አደርጋቸዋለሁ። «አረፈድክ» የነበረው «አረፈዱ» ይሆናል፣ «ልኬልሃለሁ» የነበረው «ልኬልዎታለሁ»። አማርኛ ደግሞ በዚህ ምሕረት የለውም። መግቢያው ላይ አንዴ «ኢንጂነር» ብሎ መገላገል የለም፤ እያንዳንዱ ግሥ ለብቻው እጅ መንሳት አለበት። ያን ቀን መጨረሻው ላይ ስደርስ አንድ ባልደረባዬ «ሻዩ ቀዘቀዘ» አለኝ። ላክሁት።

ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው መጡ፤ አነበበው። መልሱም አልዘገየም።

«እነግርዎታለሁ።»

በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ቀን እርስዎ ብሎኝ አያውቅም። ኅዳር ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው፣ ቢሮ ውስጥ ካፖርት ለብሰን ነው የምንውለው። ጀርባዬን አላበኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ምን አልክ?» ቢለኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ያልቃል። በአክብሮት የመጣን ስድብ ግን በምን ይመልሱታል? ደግሞ ስድብም ላይሆን ይችላል። ዕድሜዬን ዛሬ ገና አስታውሶ ይሆን? ወይስ እሱም እንደኔ ለትልቅ ሰው የጻፈውን መልእክት እያረመ ነበር? ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ስዘረዝርላት «እራት ብላ» አለችኝ።

ላስተካክለው አስቤ ነበር። ቴሌግራም የላኩትን መልእክት ለ48 ሰዓት ያህል ማረም ይፈቅዳል። ነገር ግን መታረሙን አጠገቡ ይጽፍበታል። አንዴ ያነበበው ሰው ሲያየው ምን ይላል? «አሁን ገና አለቃው መሆኔ ትዝ አለው» ይላል። ብሰርዘው ደግሞ ከሁለታችንም ስልክ ይጠፋል፣ የሱ «እነግርዎታለሁ» ብቻውን ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ማን ምን ጠይቆት? ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ቃል የማላውቀው ነገር የለም። ለካ በእርስዎ ማዘዝ የሚባል ነገር የለም! አንተን «ንገረኝ»፣ አንቺን «ንገሪኝ»፣ እናንተን «ንገሩኝ» ብሎ ፊት ለፊት ማዘዝ ይቻላል። እርስዎ ላይ ሲደርስ ግን ሰውየው ፊታችን ቁጭ ብሎ እንደሌለ እንቆጥረዋለን፣ ስለሌሎች እንደምናወራ ሁሉ «ይንገሩኝ» እንላለን። ማለት፣ አለቃን ማዘዝ ስለማይቻል ቋንቋው ራሱ ዓይኑን ወደ ጎን ያዞራል። እኔ ግን ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ንገረኝ» አልኩት። ከፊት አንዲት «ይ»፣ «ረ»ዋን ደግሞ «ሩ»። ከዚህ በላይ አልጠየቀኝም።

በነገራችን ላይ «ሰላም» ብቻ ጽፈው የሚጠፉ ሰዎች ምን ቢደረጉ ይሻላል? እኛ ቢሮ አንዱ አለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ሰላም»። እኔም «ሰላም፣ እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ። ዝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «አለሁ፣ እንዴት ዋልክ?» ዝም። በነጋታው «ሰላም»። የፈለገው የስቴፕለር ሽቦ ነው። እሱ ስንት ሰው እንዲህ እያንጠለጠለ ማንም አይስቅበትም፣ እኔ በአንዲት «ይ» እንቅልፍ አጣሁ።

እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ።

መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ያሳደገኝ አጎቴ አለ። ጋሼ ነው የምለው። ጋሼ እያልኩ አንተ ነው የምለው፤ አክብሮቱን «ጋሼ» ተሸክሞታል፣ ቅርበቱን ደግሞ «አንተ»። ሰላምታው ግን ረጅም ነው። የድምፅ መልእክት ይልክልኛል፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ጉዳይ የሌለበት። «እንዴት ከረምክ?» ይልና መልሴን ይጠብቃል። እየቀዳ እኮ ነው! ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። ከዚያ የመለስኩለት ያህል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ይቀጥላል። «ልጆቹስ?» ዝም። ዶሮ። «ተመስገን።»

ያን ሰሞን ባና ልልክልህ ነው ብሎኝ ነበርና ልጻፍለት አልኩ። ከአለቃዬ ወዲህ ፈርቼአለሁ፤ ማንንም አንተ ብሎ መጻፍ አስጠልቶኛል። እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባናውን ለሹፌሩ ከሰጡልኝ በኋላ ቢያሳውቁኝ።» እያንዳንዱን ግሥ ሦስት ጊዜ አየሁት። አንድም አላመለጠኝም።

ጋሼ ጽሑፍ አያነብም። የጎረቤት ልጅ ነው የሚያነብለት፣ ጮክ ብሎ፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ። በነጋታው ሳይነጋ ደወለ። ሰላምታ የለም። ጋሼ ያለ ሰላምታ ሲያወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን በድዬህ ነው?»

«ኧረ ምንም ጋሼ! ምነው?»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የምትለኝ? እንደ ዳኛ! ልጁ ሲያነበው ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ተጣልተዋል አሉ። ቅር ያለህ ነገር ካለ ንገረኝ።»

ንገረኝ። ቃሏ በቦታዋ ስትገኝ ደግሞ እንዴት ደስ ትላለች!

የአለቃዬን ነገር አስረዳሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ዶሮው ጮኸ። ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀና ዘጋው።

ባናው ቅዳሜ ደረሰ። ወፍራም ነው፣ ገና የበግ ጠረኑ አልለቀቀውም። ለብሼው ቁጭ እንዳልኩ የጋሼ የድምፅ መልእክት ገባ። የወትሮው ርዝመት ነው፣ ከኋላ ግን ብዙ ሰው አፉን ይዞ ይስቃል።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። እንደምን ከረሙ?» ዝም። ዶሮ። «ተመስገን። ባናዎ ደርሶልዎት እንደሆነ፣ ሲመችዎ ይንገሩኝ።»