«ነገ አለ»፦ የእትዬን ድምፅ ወደ ጽሑፍ ያመጣሁበት መንገድ

እትዬ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ጎረቤታችን ነበሩ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ከፒያሳ ራቅ ብለው ገቡ። ስለ መጨረሻዋ ቀን በቴሌግራም የላኩልኝ ድምፅ ስድስት ደቂቃ ከምናምን ነው። ለሰፈሩ ልጆች በጽሑፍ ላጋራው ስለፈለግኩ የእህቴ ልጅ ቃል በቃል ገለበጠችልኝ። ከመካከሉ ይህን ልጥቀስ፦

«እና ከዛ እ የዛን ቀን ማለት ነው ጠዋት ምን መሰለህ ጀበናውን ማለቴ ሲኒውን ጠቀለልኩ በጋዜጣ እና አንዱ ተሰበረ ከስድስቱ እኔም ተውኩት እዛው ተውኩት ጎረቤቴ መጣች አንቺ ይሄን ምን ልታደርጊው ነው አለችኝ ምን መሰለህ እሷም ታለቅሳለች»

መጀመሪያ በትምህርት ቤት አማርኛ አስተካከልኩት። «በዕለቱ ጠዋት ሲኒዎቹን በጋዜጣ ስጠቀልል ከስድስቱ አንዱ በመሰበሩ እዚያው ትቼው ስነሳ፣ ጎረቤቴ እያለቀሰች ምን ላደርገው እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ» ሆነ። ሰዋስዉ እንከን የለውም። እሑድ ጊዮርጊስ ለቅዳሴ ሲመጡ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ዜና ነው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ሰባት አጫጭር ነገሮችን በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ አስሬያቸው ነበር። እትዬ ሲናገሩ ግሱ ይቀድምና የቀረው ይከተላል፦ «ጠቀለልኩ፣ በጋዜጣ»፣ «ተሰበረ፣ ከስድስቱ»። ሐዘኑ ያለው እዚያ ጅራት ላይ ነው። እኔ ግን ግስ መጨረሻ ይቀመጣል ብዬ ጅራቱን ወደ ፊት ጎተትኩት። የጎረቤታቸውንም ጥያቄ ወደ «እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ» ስለውጠው ሴትዮዋ ከክፍሉ ወጣች። አማርኛ ተናጋሪ ሰው ሲያወራ የሌላውን ቃል እንዳለ አምጥቶ «አለችኝ» ይላል። ያንን መንካት አልነበረብኝም።

ማታ አራት ኪሎ ቤቴ ገብቼ እንደገና ጀመርኩ። ግልባጩን አተምኩት። ድምፁን እያዳመጥኩ እትዬ በተነፈሱበት ሁሉ በእርሳስ ጭረት አደረግኩ፤ ረጅም ለሆነው ትንፋሽ ሁለት ጭረት። ሁለት ጭረት ያለበት አራት ነጥብ ሆነ፣ አንድ ያለበት ነጠላ ሰረዝ። ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፣ ሳንባቸው ነው።

ከባዱ ድግግሞሹ ነበር። «ጀበናውን ማለቴ ሲኒውን» ስህተት ነው፣ ይወጣል። «ተውኩት እዛው ተውኩት» ግን ይቀራል። ልዩነቱን ከወረቀቱ አላገኘሁትም። ሰው ሲሳሳት ድምፁ መሃል ላይ ይሰበርና ፈጥኖ ይጀምራል። ሆን ብሎ ሲደግም ግን የመጀመሪያውን ግስ ጨርሶ፣ ዝግ ብሎ ነው የሚመለሰው። «ምን መሰለህ»ም በጠቅላላው አሥራ አንድ ጊዜ አለ። ዘጠኙ ቃል መፈለጊያ ስለነበሩ አወጣኋቸው። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ያሉትን ሁለቱን ተውኳቸው።

ፊደሉ ላይ ግን አልተለሳለስኩም። የእህቴ ልጅ «ነግሬሃለው» ያለችውን «ነግሬሃለሁ» አደረግኩ፤ ለጆሮ ለውጥ የለውም። «ይሄ»ን ወደ «ይህ»፣ «እዛ»ን ወደ «እዚያ» አልቀየርኩም፤ ያ ይሰማል።

አንድ ቦታ ግን ክፉኛ ስቼ ነበር። ግልባጩ «ሹፌሩ መጣ እቃው አልገባም ነገ አለ» ይላል። እኔ «ነገ» የሚለውን በጥቅስ ከትቼ ሹፌሩን አናገርኩት። ድምፁን መልሼ ስሰማ «አለ» ላልቶ ሳይሆን ጠብቆ ነው የተነገረው። ሹፌሩ ምንም አላለም። እትዬ ራሳቸውን እያጽናኑ ነበር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ከግልባጩ ብቻ ብሠራ ይህ ስህተት ታትሞ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ «አለ» ባለበት ሁሉ ወደ ድምፁ ተመለስኩ።

ያ ክፍል በመጨረሻ እንዲህ ወጣ፦

«የዛን ቀን ጠዋት ሲኒውን ጠቀለልኩ፣ በጋዜጣ። አንዱ ተሰበረ፣ ከስድስቱ። እኔም ተውኩት። እዛው ተውኩት። ጎረቤቴ መጣች። ‹አንቺ፣ ይሄን ምን ልታደርጊው ነው?› አለችኝ። ምን መሰለህ፣ እሷም ታለቅሳለች።»

በሚቀጥለው እሑድ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «የሷን ልቅሶ አውጣው፣ ሳልጠይቃት አይሆንም» አሉ። አወጣሁት። አንቀጹ ጥያቄውና «አለችኝ» ላይ ቆመ። ከልቅሶው ጋር አንዱ «ምን መሰለህ»ም ሄደ፤ ሌላ ቦታ ልሰካው አልሞከርኩም።