አቼቶ የሚያጸዳውና የማያጸዳው

ከምድጃው ጎን ያለው የወጥ ቤታችን መስኮት ለፈተና የተሠራ ይመስላል። በውጭ በኩል የመንገድ አቧራ አለ። በውስጥ በኩል ደግሞ ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር የዘይት እንፋሎት ይለጠፍበታል። ሁለቱ ተጋግረው በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ቢጫ ሽፋን ይሆናሉ። እህቴ የአቼቶ ደጋፊ ናት፣ እኔ ደግሞ የሱቅ ስፕሬይ የለመደ እጅ ነው ያለኝ። ክርክሩን እዚህ እንጨርሰው ብዬ መስታወቱን መሃል ለመሃል በፕላስተር ከፈልኩት።

ግራው ለአቼቶ ሆነ። አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ በአንድ ኩባያ ውሃ፣ በሚረጭ ጠርሙስ። ቡናማው ቀለም ስላለው ለጽዳት አይሆንም። ቀኙን ለሰማያዊው የመስታወት ማጽጃ ሰጠሁት። ለሁለቱም ንጹህ የማይክሮፋይበር ጨርቅ አዘጋጀሁ።

አቼቶው ዘይቱን አላነሳውም፣ ከቦታ ቦታ ገፋው እንጂ። ጨርቁ ባለፈበት ሁሉ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ ጭጋግ ቀረ። ቢገርምም ምክንያቱ ቀላል ነው። አቼቶ አሲድ ነው። ጥሩ አድርጎ የሚያሟሟው ውሃ ሲደርቅ የሚተወውን ነጭ የኖራ ቅሪት ነው፤ ቧንቧና ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረውን ማለቴ ነው። ዘይት ላይ ግን አቅም የለውም። የሱቁ ስፕሬይ አብዛኛውን ጊዜ አልኮልና ትንሽ ሳሙና መሰል ነገር ስላለበት የተሻለ ሠራ። እሱም ቢሆን ደጋግሞ መርጨት ጠይቋል፣ በዚህ ኑሮ ውድነት ደግሞ ያሳዝናል።

ስለዚህ ሁለቱንም አስቀምጬ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደረግሁ። መስታወቱን በሙሉ በዚያ አጥቤ በንጹህ ውሃ አለቀለቅኩት። ከዚያ ግራውን እንደገና በአቼቶ፣ ቀኙን በስፕሬዩ ወለወልኩ። አሁን የትኛው የትኛው እንደሆነ ፕላስተሩን ሳያዩ መለየት አይቻልም ነበር። እህቴ «አላልኩህም?» አለች። ያለችው ግን ግማሹን ነው፤ ዘይቱን ያስለቀቀው ሳሙናው ነው።

ዝንጉርጉር መስመር የሚመጣው መስታወቱ ላይ ከሚቀረው ነገር ነው። ሳሙና ሲበዛ ይቀራል፣ ዘይት ይቀራል፣ ፈሳሹ ሳይወለወል ሲደርቅም የያዘው ሁሉ ይቀራል። ፀሐይ የሚመታውን መስኮት አሁን አልነካም፤ ጨርቁ ሳይደርስ ይደርቃል። ሌላው ዘዴ ውስጡን ወደ ጎን፣ ውጩን ከላይ ወደ ታች መወልወል ነው። የቀረው መስመር አግድም ከሆነ ጥፋቱ ከውስጥ ነው፣ ቁልቁል ከሆነ ከውጭ። ደረቅ ሳሙና ፈቅፍቆ አቼቶ ውስጥ መጨመር ግን ይቅር። አሲዱ ሳሙናውን መልሶ ወደ ቅባትነት ይቀይረውና ነጭ ዝቃጭ ይሆናል።

ለሁሉም ቦታ ይሆናል የሚባለው ስፕሬይ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ሳሙና መሰሉ ነገር ስለሚበዛበት ከምድጃው ጀርባ ያለው ሴራሚክና የቁም ሳጥኑ በር ላይ አሪፍ ነው። ረጭቼ ትንሽ እተወዋለሁ፣ ቅባቱ ሲላላ በእርጥብ ጨርቅ አነሳዋለሁ። መስታወት ላይ ግን ያው ሽፋኑን ይተዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እብነ በረድ ነበር። የወጥ ቤት ጠረጴዛችን እሱ ስለሆነ በቀጥታ አልሞከርኩበትም፤ ሲገጠም የተረፈች ቁራጭ ነበረችን። አንድ ቦታ ላይ ያልቀጠነ አቼቶ፣ ሌላ ቦታ ላይ ሰማያዊውን ማጽጃ አንጠባጠብኩ። አቼቶው ጠርዝ ላይ ጥቃቅን አረፋ ታየ። ካበስኩት በኋላ ቁራጭዋን ወደ ብርሃን አዘንብዬ ሳያት ጠብታው ያረፈበት ክብ ደብዝዟል፣ በጥፍር ሲነካም ይሻክራል። ማጽጃው ያረፈበት እንደነበረ ነው። ይህ እድፍ አይደለም፣ በማጠብም አይለቅም። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲዱ የድንጋዩን ፊት በልቶታል። የሚመልሰው ድንጋዩን እንደገና ማለስለስ ነው። ሎሚም እንዲሁ ያደርጋል። የመታጠቢያ ቤት የኖራ ማስለቀቂያ ስፕሬዮችም ብዙዎቹ አሲድ ናቸውና ከሱቅ መገዛታቸው ለድንጋዩ ዋስትና አይሆንም። የእናንተ ጠረጴዛ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ በማይታይ ጥግ አንድ ጠብታ አቼቶ ይነግራችኋል።

የአቼቶውን ጠርሙስ ስሙን ጽፌ ከበረኪናው ርቆ ሌላ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ሳንባ ይጎዳል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ሲቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ በበረኪና የታጠበ ቦታ በደንብ ሳይለቀለቅ አንዱንም አልረጭበትም።