ነጭ ጨርቅና ጨለማ መደርደሪያ፦ ሮው ከጄፔግ ምን ያህል ትርፍ ቦታ እንዳለው የለካሁበት መንገድ

ሮው፣ ማለትም ካሜራው እንደ ጄፔግ አስተካክሎና ጨምቆ ሳይሆን ሴንሰሩ እንደቆጠረው የሚያስቀምጠው ፋይል፣ በብርሃን ብዛት የተቃጠለ ፎቶ «ያድናል» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ምን ያህል ያድናል፣ የትኛውን ክፍል ያድናል፣ ከየት በኋላስ አያድንም የሚለው ግን ተለክቶ ካልታየ ግምት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመስኮት አጠገብ ሸካራ የጥጥ ነጭ ጨርቅ ሰቀልኩ፤ ከጎኑ ጥላው ውስጥ ጥቁር ቡናማ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት ያሉበት መደርደሪያ ነበር። ነጩ ላይ የክሮቹን ሽመና፣ ጨለማው ላይ ደግሞ በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ የታተሙትን ትናንሽ ፊደላት ለመከታተል ነው። ሁለቱም ዓይን በቀላሉ የሚለያቸው ነገሮች ናቸው፤ ወይ ይነበባሉ፣ ወይ አይነበቡም።

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ በማኑዋል አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር f/5.6፣ ዋይት ባላንሱን ደግሞ የቀን ብርሃን ላይ አሰርኩት። የፋይል ዓይነቱን ሮውና ጄፔግ በአንድ ላይ እንዲሆን አደረግኩ፤ በዚህ መንገድ ሁለቱ ፋይሎች የሚወጡት ከአንድ የሻተር ምት ስለሆነ ልዩነቱ የብርሃን መለዋወጥ ነው የሚል ጥርጣሬ አይኖርም። አንድ ነገር እዚህ ላይ አይዘለል፤ ካሜራው ጥላውንና ደማቁን በራሱ የሚያመጣጥንበት ማስተካከያ ካለ ይዘጋ። አንዳንዱ ካሜራ ይህን የሚሠራው ኤክስፖዠሩን በስውር ቀንሶ ስለሆነ ልኬቱ ሁሉ ይዛባል።

መነሻ የሻተር ፍጥነቴ 1/125 ነበር፤ ጨርቁ ላይ የመቃጠል ማስጠንቀቂያው ብልጭ ድርግም ሊል ጥቂት የቀረበት ነጥብ። ከዚያ ወደ ላይ 1/60፣ 1/30 እና 1/15፣ ወደ ታች 1/250፣ 1/500 እና 1/1000 አነሳሁ። ሦስት ስቶፕ ወደዚህ፣ ሦስት ስቶፕ ወደዚያ ማለት ነው፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ያደርገዋል።

በመጀመሪያ ሮውን ስከፍተው ከጄፔጉ ይልቅ የደበዘዘና ኖይዝ የሚባለው የነጠብጣብ ብናኝ የበዛበት ሆኖ ነው የታየው። ብዙ ሰው ሮውን እዚህ ላይ ይተወዋል። ጄፔጉ ግን ካሜራው ውስጥ ኮንትራስት ተጨምሮበት፣ ኖይዙ ታጥቦ፣ ጠርዙ ተስሎ የመጣ ያለቀ ሥራ ነው። ሮው ሴንሰሩ የቆጠረውን ብቻ የያዘ ጥሬ ቁጥር ስለሆነ መወዳደር ያለባቸው ከተስተካከሉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ነጩ ጨርቅ። በአንድ ስቶፕ ያለፈውን 1/60 ጄፔግ አንድ ስቶፕ ወደ ታች ስጎትተው ጨርቁ ጠቆር አለ እንጂ ሽመናው አልመጣም። ደማቁ ቦታ ሁሉ አንድ ወጥ ግራጫ ሆነ፤ ወረቀት የተለጠፈ ይመስላል። ከዚሁ ምት የወጣው ሮው ላይ ግን በዚያው መጠን ስቀንስ ክሮቹ አንድ በአንድ ታዩ።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከቀለም ነው። የሴንሰር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፒክስሎች ለነጭ ብርሃን እኩል አይሞሉም። በቀን ብርሃን በብዙ ካሜራ አረንጓዴው ይቀድማል፤ ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ዋይት ባላንስ ቀዩን በ2 ገደማ፣ ሰማያዊውን በ1.5 ገደማ ያባዛቸዋል። በሌላ አነጋገር አረንጓዴው ጢም ብሎ ሲሞላ ቀዩ ገና ግማሽ ላይ ነው፤ አንድ ስቶፕ ሙሉ ይቀረዋል። ካሜራው ጄፔግ ሲሠራ ካባዛ በኋላ የጄፔግ የመጨረሻ ቁጥር ከሆነው ከ255 የተረፈውን ሁሉ ቆርጦ ይጥለዋል። ቀዩ ላይ የነበረው ዝርዝር ሴንሰሩ በትክክል ቆጥሮት ሳለ በዚህች ደረጃ ይጠፋል። በዚያ ላይ ጄፔጉ የብርሃኑን መጠን ወደ ድምቀት የሚቀይርበት ከርቭ ነጩን የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ ከሴንሰሩ ጣሪያ ዝቅ አድርጎ ነው፤ ስለዚህ አረንጓዴው ራሱ ሳይሞላ ጄፔጉ «ነጭ ሆኗል» ይላል።

በእኔ ካሜራ አረንጓዴው የሞላው ማስጠንቀቂያው መብለጭለጭ ከሚጀምርበት 2/3 ስቶፕ አልፎ ነው። ስለዚህ 1/60 ላይ የጨርቁ በጣም ደማቅ ክፍል አረንጓዴውን አጥቷል፤ ቀይና ሰማያዊው ግን አሉ። ሶፍትዌሩ በእነዚህ በሁለቱ ተመርቶ የጎደለውን ይሞላል። እኔ በምጠቀምበት የሮው ማስተካከያ ሶፍትዌር፣ ዳርክቴብል ላይ፣ ይህ የሚሠራው `highlight reconstruction` በሚባለው ሞጁል ሲሆን ዘዴውን `inpaint opposed` ላይ ትቼዋለሁ። ጨርቁ ነጭ ስለሆነ ግምቱ ትክክል ወጣ፤ ደመናም እንዲሁ ነው።

በ1/30፣ ማለትም በሁለት ስቶፕ ያለፈው ላይ፣ ነገሩ ተከፈለ። የጨርቁ እጥፋቶች ውስጥ ሽመናው ተመለሰ፤ መስኮቱን በቀጥታ የሚያየው ፊት ላይ ግን ሦስቱም ቀለም ሞልተው ስለነበር ምንም አልተገኘም። 1/15 ላይ ሮውም ጄፔግም እኩል ሆኑ፤ ያልተቆጠረ ነገር ከፋይል አይወጣም። የመመለሻው ወሰን በእኔ ካሜራ ከጄፔጉ ጣሪያ በላይ አንድ ስቶፕ ተኩል አካባቢ ነው ማለት ነው። በሌላ ካሜራና በሌላ ብርሃን ቁጥሩ ይለያል።

እዚህ ላይ የሚከሰት አንድ ስህተት አለ፤ የተቃጠለው ቦታ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ሆኖ ይመጣል። ሦስቱም ጣሪያ የነኩ ቀለሞች በዋይት ባላንስ ሲባዙ ቀይና ሰማያዊው ከአረንጓዴው በላይ ይዘላሉ፤ ሮዙ የሚወለደው ከዚህ ነው። ሶፍትዌሩ የሴንሰሩን ጣሪያ ካለበት ከፍ አድርጎ ሲገምት ይታያል። በዚያው ሞጁል ውስጥ `clipping threshold` የሚለውን ቀስ እያሉ ዝቅ ሲያደርጉት ሮዙ ይጠፋል። ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ግን ጤነኛ የነበረውን ዝርዝርም እንደ ተቃጠለ ስለሚቆጥረው ሮዙ በጠፋበት ላይ ማቆም ነው።

ጨለማው ወገን ሌላ ታሪክ አለው። 1/1000 ላይ የተነሳውን ሁለቱንም ፋይል በሦስት ስቶፕ ወደ ላይ አነሳኋቸው። ጄፔጉ ላይ የመጻሕፍቱ ጀርባ በአረንጓዴና በወይን ጠጅ ጉድፍ ተሞላ፤ ጠጋ ብዬ ሳየው የትናንሽ ካሬዎች ቅርጽ ይታያል፤ ትልልቆቹ ፊደላት ብቻ ናቸው የሚነበቡት። ሮው ላይ ኖይዝ አለ፣ ግን ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል እንጂ ጉድፍ አይደለም፤ ትናንሾቹም ፊደላት ይነበባሉ።

አንደኛው ምክንያት የደረጃ ብዛት ነው። የ14 ቢት ሮው 16384 ደረጃ አለው፣ ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256። ሴንሰር ብርሃንን በቀጥታ ስለሚቆጥር የላይኛው አንድ ስቶፕ ብቻውን ግማሹን ደረጃ ይወስዳል፤ ቀጣዩ የቀረውን ግማሽ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከላይ ሲቆጠር ሰባተኛው ስቶፕ፣ መጻሕፍቱ ያሉበት፣ ሲደርስ ሮው ላይ 128 ደረጃ ይቀራል። በተለመደው የኤስአርጂቢ ከርቭ ጄፔጉ ለዚያው ስቶፕ ያለው 12 ደረጃ ገደማ ነው። በሦስት ስቶፕ ሲነሳ እነዚያ 12 ደረጃዎች 28 ቦታ እንዲሸፍኑ ይገደዳሉ፤ ከግማሽ በላዩ ባዶ ይሆናል። ሂስቶግራሙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ የሚታየው ለዚህ ነው።

በእኔ ግምት ግን ትልቁ ጉዳት የመጣው ከደረጃው አይደለም። ካሜራው ጄፔጉን ሲጨምቅ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ካሬ ይከፋፍለዋል፤ ጨለማ ቦታ ላይ ያለውን ደቃቅ ልዩነት «ዓይን አያየውም» ብሎ ይጥለዋል፤ የቀለሙን መረጃም ብዙ ጊዜ ከብርሃኑ ባነሰ ዝርዝር ያስቀምጣል። በተለመደ ኤክስፖዠር እውነትም ዓይን አያየውም። ሦስት ስቶፕ ሲነሳ ግን ተደብቆ የነበረው ካሬ ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ከመጨመቁ በፊት ደግሞ ኖይዝ ማጥፊያው ፊደላቱን ከኖይዙ ጋር አጥቦ ወስዷቸዋል።

ሮው ኖይዝን ይቀንሳል የሚባለው ግን ስህተት ነው። ብርሃኑ በሦስት ስቶፕ ሲቀንስ ስምንት እጥፍ ያነሰ ፎቶን ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ምልክቱ ከኖይዙ ጋር ያለው ርቀት ቢያንስ በ2.8 እጥፍ ይጠባል። ይህን የሚቀይር ፋይል የለም። ሮው የሚሰጠው ኖይዙን ራሱ ሳይነካካ ነው፤ የትኛውን ላጥፋ፣ የትኛውን ልተው የሚለው ውሳኔ በእጃችሁ ይቀራል። እኔ የቀለሙን ኖይዝ ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ፤ ዓይን የሚያስቀይመው እሱ ነው፣ ከሱ ጋር የሚሄደው ዝርዝርም ጥቂት ነው። የብርሃኑን ኖይዝ ግን ከሲሶው በላይ አልነካም፤ ከዚያ በኋላ ፊደላቱ እንደ ሰም መቅለጥ ይጀምራሉ። ማየት ያለባችሁ 100% ላይ አቅርባችሁ ነው፤ በሙሉ ስክሪን የሚፈረድ የኖይዝ ማስተካከያ ሁልጊዜ ከመጠን ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ የአሠራር ለውጥ ያመጣብኝ የማስጠንቀቂያው ጉዳይ ነው። ሮው ብታነሱም ካሜራው ጀርባ ላይ የሚታየው ሂስቶግራምና ብልጭታ በብዙ ካሜራ የሚሰላው ከጄፔጉ ነው። የሥዕል ስታይሉን ገለልተኛ፣ ኮንትራስቱን ዝቅተኛ ካደረጋችሁ ወደ ሮው ይቀርባል። የቀረውን ልዩነት የራሳችሁን ካሜራ ለክታችሁ ማወቅ ይሻላል፤ እኩል ብርሃን ያረፈበት ነጭ ወረቀት ከትኩረት አውጥታችሁ አንሱ፣ ብልጭታው ከጀመረበት በ1/3 ስቶፕ እየጨመራችሁ ቀጥሉ፣ ከዚያ ሮዎቹን ዳርክቴብል ላይ ከፍታችሁ የሮው መቃጠል ጠቋሚውን አብሩ። መጀመሪያ ምልክት የታየበት ፋይልና ብልጭታው የጀመረበት ፋይል መካከል ያለው ርቀት የእናንተ ትርፍ ነው።

ጨርቅ፣ ደመና ወይም ግድግዳ ሳነሳ ያንን 2/3 ስቶፕ እስከ መጨረሻው እጠቀምበታለሁ፤ ጥላው ያን ያህል ብርሃን ስለሚጨምር ኖይዙ ይቀንሳል። የሰው ፊት ላይ ግን አላደርገውም። ቢጫ አምፖል ባለበት ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ መጀመሪያ የሚሞላው ቀዩ ነው። ቆዳ ደግሞ ነጭ ስላልሆነ ሶፍትዌሩ የጎደለውን ሲሞላ ግንባርና አፍንጫ ላይ አመድ የመሰለ ንጣፍ ይተዋል፤ ብልጭታው እንደታየ አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ዝቅ አድርጌ ነው የማነሳው።